42.45 ወይስ 12.7? የነቀዝ የዕድሜ ሰንጠረዥ፣ የመትረፍ ኩርባና የተጣራ የመራባት ምጣኔ

ጥያቄ፦ «የማስተርስ ጥናቴ የሽምብራ ነቀዝ ላይ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ 200 እንቁላል ይዤ ጀመርኩ፤ በአንድ የሽምብራ ፍሬ ላይ አንድ እንቁላል ብቻ። 172 ተፈለፈሉ። 120 ነቀዞች ከፍሬው ወጡ፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። 60ዎቹን ሴቶች ለየብቻ ከወንድ ጋር አድርጌ በየሁለት ቀኑ የጣሉትን እንቁላል ቆጠርኩ። በጠቅላላው 2,547 ሆነ። R0 ስሠራ 42.45 መጣልኝ። አማካሪዬ ‹ይሄ በፍጹም ሊሆን አይችልም› አሉኝ፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ግን አልነገሩኝም። የመትረፍ ኩርባዬ ደግሞ ዓይነት አንድ ይመስላል። ልክ ነኝ? ዝርዝሩን አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦ 42.45 የሌላ ጥያቄ መልስ ነው። 2,547ን ለ60 ሲያካፍሉ የሚመጣው ይኸው ነው። አንዲት ሴት ነቀዝ ከሽምብራው በሰላም ከወጣች በኋላ እስክትሞት በአማካይ ስንት እንቁላል እንደምትጥል ይነግረናል። R0፣ ማለትም የተጣራ የመራባት ምጣኔ፣ የሚጠይቀው ሌላ ነው። አሁን የተጣለ፣ ሴት የሚሆን አንድ እንቁላል በሚቀጥለው ትውልድ በስንት ሴት እንቁላል ይተካል? ይህ እንቁላል ሳይፈለፈል ሊቀር ይችላል። ተፈልፍሎ ፍሬው ውስጥ ሊሞትም ይችላል። እርስዎ ስሌቱን ከጎልማሳዋ ስለጀመሩ እነዚህ ሞቶች በሙሉ ከሂሳቡ ወጥተዋል። በዚያ ላይ ከ2,547ቱ እንቁላል ግማሽ ያህሉ ወንድ እንደሚሆን አልተቀነሰም። ቁጥሩን ያሳበጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

በርስዎ ውሂብ ትክክለኛው R0 12.7 አካባቢ ነው። እንዴት እንደሚመጣ ከሰንጠረዡ እንጀምር።

ሰንጠረዡ የሚከተለው አብሮ የጀመረ አንድ ቡድን፣ ማለትም ኮሆርት ነው። የርስዎ ኮሆርት 200 እንቁላል እንጂ 60 ሴቶች አይደለም። ወንድና ሴቱ የሚለየው ነቀዙ ከፍሬው ሲወጣ ስለሆነ፣ እንቁላል እያለ የትኛው ሴት እንደሆነ አናውቅም። የወጡት እኩል በእኩል ስለሆኑ ግን ግማሾቹ እንቁላሎች ሴት ነበሩ፣ ሞቱም ወንድና ሴት ሳይለይ ነበር ብለን እንነሳ። ይህ ግምት ነው፤ ወደኋላ ሳያስፈልገን እንዴት እንደሚቀር አሳያለሁ። በዚህ አካሄድ 100 ሴት እንቁላል ይዘን እንጀምራለን። ከነሱ 86ቱ ይፈለፈላሉ፤ 60ዎቹ ጎልማሳ ሆነው ይወጣሉ። ካያያዙት ፋይል የሚወጣው ይህ ነው፦

| ዕድሜ በቀን | nx | lx | dx | qx | mx | lx·mx |
|---|---|---|---|---|---|---|
| 0–5 (እንቁላል) | 100 | 1.00 | 14 | 0.140 | 0 | 0 |
| 5–28 (ፍሬው ውስጥ) | 86 | 0.86 | 26 | 0.302 | 0 | 0 |
| 28–30 | 60 | 0.60 | 3 | 0.050 | 9.0 | 5.400 |
| 30–32 | 57 | 0.57 | 6 | 0.105 | 7.0 | 3.990 |
| 32–34 | 51 | 0.51 | 15 | 0.294 | 4.5 | 2.295 |
| 34–36 | 36 | 0.36 | 21 | 0.583 | 2.5 | 0.900 |
| 36–38 | 15 | 0.15 | 12 | 0.800 | 1.0 | 0.150 |
| 38–40 | 3 | 0.03 | 3 | 1.000 | 0 | 0 |

nx በዚያ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ በሕይወት ያሉት ብዛት ነው። lx ደግሞ ከመነሻው ቡድን ምን ያህሉ እስከዚያ እንደደረሰ የሚያሳይ ድርሻ ነው፤ ሁልጊዜ ለመጀመሪያው ቁጥር፣ እዚህ ለ100፣ ይካፈላል። dx በዚያ ክፍተት ውስጥ የሞቱት ናቸው። qx ክፍተቱን በሕይወት ከጀመሩት መካከል የሞቱት ድርሻ ነው፤ አካፋዩ የዚያው ረድፍ nx ነው። አንድ ፈጣን ፍተሻ አለ። የdx ድምር ከመነሻው ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ሁሉም መጨረሻ ላይ ይሞታልና። እዚህ 100 ይመጣል። ካልመጣ አንድ ቦታ የጠፋ ወይም ሁለቴ የተቆጠረ ነቀዝ አለ።

qx ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። እንቁላል ላይ 0.140፣ ፍሬው ውስጥ 0.302 አይተው «ነቀዙ በብዛት የሚሞተው እጭ ሆኖ ነው» ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። ግን የመጀመሪያው ክፍተት 5 ቀን ነው፤ ሁለተኛው 23 ቀን። ክፍተቶቹ እኩል ስላልሆኑ በቀጥታ አይወዳደሩም። ወደ ዕለታዊ ሞት መቀየር ያስፈልጋል፤ ቀመሩ 1-(1-qx)^(1/t) ነው፣ t የክፍተቱ ርዝመት በቀን። እንቁላሉ በቀን 3 በመቶ ገደማ ይሞታል። ፍሬው ውስጥ ያለው ግን በቀን 1.6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ስናይ እንቁላልነቱ ነው የበለጠ አደገኛው። በጠቅላላ የሚሞተው ብዛት ፍሬው ውስጥ የበዛው እዚያ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ነው። ሁለቱም አባባል እውነት ነው፤ የትኛውን እንደሚሉ ግን ለይተው ይጻፉ።

አሁን ወደ mx። ይህ በአንድ ክፍተት ውስጥ አንዲት በሕይወት ያለች ሴት የምትጥለው የሴት እንቁላል አማካይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት 60 ሴቶች 1,080 እንቁላል ጥለዋል፤ ለአንዷ 18 ይደርሳል። ግማሹ ሴት ነው ሲባል 9 ይሆናል። በሚቀጥለው ክፍተት 57 ሴቶች 798 ጣሉ፤ ለአንዷ 14፣ በሴት 7። ከዚያ 51 ሴቶች 459፣ 36 ሴቶች 180፣ 15 ሴቶች 30 ጣሉ። በመጨረሻ የቀሩት ሦስቱ ምንም አልጣሉም። ይህ መውረድ የተለመደ ነው፤ የሽምብራ ነቀዝ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ሳይበላም መኖር ስለሚችል፣ አብዛኛውን እንቁላል በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ያራግፋል።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። እንቁላሉን የሚያካፍሉት በዚያ ክፍተት ለነበሩት ሴቶች ነው ወይስ ለመነሻዎቹ 60? ፋይልዎ ላይ አንዱ ዓምድ ሁልጊዜ ለ60 ያካፍላል። ለ60 የተካፈለ ቁጥር ሞትን በውስጡ ይዟል፤ የሞተች ሴት ዜሮ ሆና ገብታለችና። ያንን ቁጥር ደግመው በlx ሲያባዙት የጎልማሳዎቹን ሞት ሁለቴ ይቀንሳሉ። በርስዎ ውሂብ እንዲህ ቢሠሩ 11.72 ይመጣል። ከ12.7 ጋር ሲያዩት ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ዓይን አይስብም። ትንሽ የሆነው ግን አካሄዱ ትክክል ሆኖ ሳይሆን፣ ነቀዞቹ በብዛት መሞት ሳይጀምሩ አብዛኛውን እንቁላል ስለጣሉ ነው። ለረጅም ጊዜ እየወለደ በሚኖር እንስሳ ላይ ይኸው ስህተት ውጤቱን ገደል ይከተዋል።

ክፍተቱ መጀመሪያ ላይ ያሉት ይቆጠሩ ወይስ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አማካይ? አንዳንድ መጽሐፍ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ስለሚጠቀም ተማሪዎች ይጨቃጨቁበታል። ለR0 ለውጥ የለውም፤ የሚፈለገው አንድ ዓይነት መሆኑ ብቻ ነው። እንቁላሉን በመጀመሪያው ቁጥር ካካፈሉ በመጀመሪያው lx ያባዙ። በአማካዩ ካካፈሉ በአማካዩ ያባዙ። ያካፈሉበትና ያባዙበት ስለሚጣፋ ውጤቱ ያው ነው። ችግር የሚመጣው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው።

R0 እንግዲህ የlx·mx ድምር ነው። 5.400፣ 3.990፣ 2.295፣ 0.900 እና 0.150 ሲደመሩ 12.735። ኤክሴል ላይ ዕድሜውን A፣ nxን B፣ lxን C፣ dxን D፣ qxን E፣ mxን F ዓምድ ላይ ካደረጉ፣ ስምንቱ ረድፎች ከ2 እስከ 9 ይሆናሉ፦

```
C2: =B2/B$2
D2: =B2-B3
E2: =D2/B2
R0: =SUMPRODUCT(C2:C9,F2:F9)
```

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወደታች ይጎትቷቸው። B10 ላይ ዜሮ መጻፍ አይርሱ፤ የመጨረሻው dx እሱን ይፈልጋል። C2 ውስጥ ያለችውን የዶላር ምልክት ከረሱ ደግሞ እያንዳንዱ ረድፍ ለራሱ ይካፈልና lx ሁሉ 1 ይሆናል። ያኔ R0 ሁለት እጥፍ ገደማ ወጥቶ «ነቀዙ ጉድ ነው» የሚያስብል ውጤት ያገኛሉ።

ውጤቱን ያለ ሰንጠረዥ ማረጋገጥ ይቻላል። የዚህን ምላሽ ሌላውን ሁሉ ቢረሱት ይህን ይያዙ። ዘዴው የሁለተኛውን ትውልድ እንቁላል በሙሉ ለመነሻው እንቁላል በሙሉ ማካፈል ነው። 2,547 ለ200 ሲካፈል 12.735 ይሰጣል። ወንድና ሴት መለየት አላስፈለገም፤ ከላይና ከታች ያለው ግማሽ ተጣፍቷል። ቀደም ሲል የወሰድነው የእኩል ለእኩል ግምትም አብሮ ወጣ። የታይዋኑ የነፍሳት ተመራማሪ ሲን ቺ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያስፋፉት፣ ሁለቱንም ጾታ የሚይዘው የዕድሜ ሰንጠረዥ የሚነሳው ከዚህ ሐሳብ ነው። በዚያ አካሄድ R0 ማለት የአንዲት ሴት አማካይ እንቁላል ሲባዛ በ(ሴቶች ለመነሻው ቡድን) ነው። በርስዎ 42.45 ሲባዛ በ60/200። መልሱ አሁንም 12.735። አማካሪዎ «ሊሆን አይችልም» ያሉት ቁጥርና ትክክለኛው የሚለያዩት በዚህች 0.30 ብቻ ነው።

ወንዶቹና ሴቶቹ እኩል ባይወጡስ? 72 ሴትና 48 ወንድ ወጡ እንበል። ይህ እንቁላሉ ሲጣል ጀምሮ ሴት በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ወንዶቹ ፍሬው ውስጥ በብዛት ሞተው። ከሚወጡት ቆጠራ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የሴት ብቻ ሰንጠረዥ ግን አንዱን እንዲመርጡ ያስገድዳል። ስለዚህ ለነፍሳት ሁለቱንም ጾታ የያዘውን አካሄድ ይጠቀሙ ነው የምለው።

አንድ ደንብ እዚህ ላይ መጥቀስ አለብኝ። የጀመሩበት ነገርና እንደ ልደት የሚቆጥሩት ነገር አንድ መሆን አለበት። ከእንቁላል ከጀመሩ እንቁላል ይቁጠሩ። ከተፈለፈለ እጭ ከጀመሩ mx የሚፈለፈሉትን እንጂ የሚጣሉትን አይቆጥርም። ከእጭ ጀምሮ እንቁላል የሚቆጥር ሰው የእንቁላሉን ሞት ሙሉ በሙሉ ይዘለዋል። በርስዎ ሁኔታ መነሻው 172 ይሆንና R0 ወደ 14.8 ያድጋል፤ ምንም የተለወጠ ነገር ሳይኖር።

ወደ ኩርባው እንሂድ። ዓይነት አንድ ማለት አብዛኞቹ ረጅም ጊዜ ቆይተው መጨረሻ ላይ የሚሞቱበት ኩርባ ነው። የርስዎ ይህን የመሰለዎት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ኩርባዎ የጀመረው ከጎልማሳዎቹ ነው። 60፣ 57፣ 51 እያለ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ከዚያ ድንገት ይወድቃል፤ ከእንቁላሉ ቢጀምር ግን 40 በመቶው ነቀዝ ሳይሆን ቀርቷል። ሁለተኛው፣ የቁሙን ዘንግ በተራ ቁጥር ነው የሳሉት። የመትረፍ ኩርባ ቁሙ በሎጋሪዝም ነው የሚሳለው። ምክንያቱ ውበት አይደለም። በሎጋሪዝም ላይ የመስመሩ መዝቀዝ የሞቱን ፍጥነት ያሳያል። በየቀኑ እኩል ድርሻ የሚሞትበት ቡድን ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፤ ይህ ዓይነት ሁለት ነው። በተራ ቁጥር ሲሳል ያው ቡድን ወደ ውስጥ የጎበጠ ኩርባ ይሰጥና ብዙ ተማሪ ዓይነት ሦስት፣ ማለትም አብዛኞቹ ገና በመጀመሪያ የሚሞቱበት፣ ብሎ ይጽፈዋል።

lxን በlog10 ሲቀይሩ በ0 ቀን 0፣ በ5ኛው ቀን -0.07፣ በ28ኛው -0.22፣ በ34ኛው -0.44፣ በ38ኛው -1.52 ይመጣል። መጀመሪያ ትንሽ ዘቅዘቅ ይላል፤ ፍሬው ውስጥ እያለ ለጥ ይላል፤ ከ32ኛው ቀን ወዲያ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ንጹህ ዓይነት አንድ አይደለም። መጨረሻው ዓይነት አንድን ይመስላል፤ መጀመሪያው ግን አይመስልም። ሦስቱን ዓይነቶች ያስተዋወቀው ሬይመንድ ፐርል ለማነጻጸሪያ ነው እንጂ እያንዳንዱ እንስሳ የግድ አንዱ ውስጥ እንዲገባ አልነበረም። ጥናትዎ ላይ «ዓይነት አንድ» ብለው ከመዝጋት ኩርባው የት የት እንደሚሰበር በቀን ይግለጹ። በ40ኛው ቀን nx ዜሮ ስለሚሆን ሎጋሪዝም የለውም። እሱን ይተዉት፤ ሰው እንደሚያደርገው 0.001 እየተኩ መስመሩን ወደ መሬት አያውርዱት።

ኩርባው ትክክል የሚሆነው የሞት ቆጠራው ትክክል ከሆነ ነው። የሽምብራ ነቀዝ ላይ ሦስት ቦታ ይፈተሻል። የመጀመሪያው እንቁላሉ ነው። የተፈለፈለው እጭ ከቅርፊቱ ሥር ፍሬውን እየበሳ ሲገባ ዱቄቱን ወደኋላ ስለሚተው ቅርፊቱ ነጭ ይሆናል፤ ያልተፈለፈለው ግን ብርሃን እንደሚያሳልፍ ይቀራል። 172 ያሉት በዚህ ከሆነ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ፍሬው ውስጥ ያለው ሞት ነው። ያልወጣ ሁሉ ሞቷል ብለው ከቆጠሩ፣ ዘግይቶ የሚወጣውን እንደ ሟች መዝግበው ይሆናል። ለተከታታይ ቀናት ምንም ሳይወጣ ሲቀር ፍሬዎቹን ሰንጥቀው ይዩ። ሦስተኛው ያመለጠ ወይም የተጨፈለቀ ነቀዝ ነው። እሱ ሞት አይደለም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ብቻ የታየ ነው። ጥቂት ከሆኑ ከመነሻው ያውጧቸውና ይህን ይጻፉ። ብዙ ከሆኑ የካፕላን–ማየር ዘዴን ይጠቀሙ፤ እስከታዩበት ቀን ብቻ ነው የሚቆጥራቸው።

አንድ ነገር ከጥያቄዎ ባይኖርም እጨምራለሁ፤ ብዙ ጊዜ የማየው ስለሆነ። አንዳንዱ ተማሪ ቡድን መከተል ሲከብደው ከአንድ ጆንያ ሽምብራ ናሙና ያወጣል። እንቁላሉን፣ እጩን፣ ጎልማሳውን ቆጥሮ በዚያው ቁጥር lx ይሠራል። ይህ የአንድ ጊዜ ፎቶ ነው፤ ልክ የሚሆነው የጆንያው የነቀዝ ብዛት የማይጨምርና የማይቀንስ ከሆነ ብቻ ነው። በሚያድግ ሕዝብ ውስጥ ግን ወጣቶቹ የሚበዙት ትላልቆቹ ስለሞቱ ብቻ ሳይሆን በቅርቡ ብዙ ስለተወለደም ነው። ሰንጠረዡ ያንን እንደ ሞት ይቆጥረዋል። በዚህ መንገድ ሠርቶ R0 12 አገኘሁ የሚል ሰው ራሱን ይቃረናል። መነሻ ግምቱ ሕዝቡ አያድግም የሚል ነበር፤ ውጤቱ ግን በትውልድ 12 እጥፍ ያድጋል ይላል።

የሞቱትን በመሰብሰብም ይሠራል፤ ዝነኛው ምሳሌ የአላስካው የዳል በግ ነው። አዶልፍ ሙሪ በማውንት ማኪንሊ የሰበሰባቸውን 608 የራስ ቅሎች ይዞ ኤድዋርድ ዲቪ በ1947 ሰንጠረዥ ሠራ። የበጉ ዕድሜ ከቀንዱ ስለሚታወቅ ሥራው ተመችቷል። የግልገሎቹ ቅል ግን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጠፋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ሞት አንሶ ታይቷል። ኩርባው ከእውነተኛው ይልቅ ወደ ዓይነት አንድ ያዘነበለው በከፊል በዚህ ነው። እርስዎ ከጎልማሳ ሲጀምሩ የሆነውም ይኸው ነው፤ የሕፃንነት ሞት ከሰንጠረዡ ወጣ።

አሁን ስለ R0 ወሰን። 12.7 በትውልድ ነው እንጂ በወር ወይም በቀን አይደለም። ትውልዱ ስንት ቀን እንደሆነ ካልተነገረ ሁለት ዝርያዎችን ወይም ሁለት ሙቀቶችን በR0 ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። R0 ያነሰው ቶሎ የሚተካ ከሆነ በፍጥነት ሊበልጥ ይችላል። የትውልዱን ርዝመት ለማግኘት እያንዳንዱን lx·mx በክፍተቱ መሐል ዕድሜ (29፣ 31፣ 33፣ 35፣ 37) አባዝተው ይደምሩ፤ ከዚያ ለR0 ያካፍሉ። 393.075 ለ12.735 ሲካፈል 30.9 ቀን ገደማ ይመጣል። የ12.735 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ለዚህ ሲካፈል የዕለት የዕድገት ምጣኔው r 0.082 አካባቢ ነው። ይህ ግምታዊ ነው፤ ትክክለኛው r ከዚህ በጥቂቱ ከፍ ይላል። ሌላ ጥንቃቄም አለ። ነቀዞቹ ሁሉ በ28ኛው ቀን አልወጡም፤ እርስዎ አማካዩን ነው የወሰዱት። ለR0 ችግር የለውም፤ ዕድሜ እዚያ ቀመር ውስጥ የለምና። ለr ግን ቀድመው የወጡት ክብደት ስላላቸው የእያንዳንዷ የወጣችበት ቀን ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የስህተት ወሰን። R0 ን ያለ ወሰን የሚያወጣ ጥናት መታመን የለበትም። የR0 መልካሙ ነገር በሁለቱም ጾታ አካሄድ ተራ አማካይ መሆኑ ነው። ለ200ዎቹ እንቁላሎች እያንዳንዳቸው ያፈሩትን የእንቁላል ብዛት ይጻፉ። ሳይወጡ የሞቱት 80ዎቹ ዜሮ ናቸው። ወንዶቹ 60ዎቹም ዜሮ ናቸው። ሴቶቹ 60ዎቹ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። የዚህ ዝርዝር አማካይ 12.735 ነው። ከዚያ R በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ከዝርዝሩ 10,000 ጊዜ በዕጣ ደጋግመው ያወጣሉ፤ ከአማካዮቹ መሐለኛው 95 በመቶ የሚያርፍበት ወሰኑ ነው፦

```
b <- replicate(10000, mean(sample(eggs, replace = TRUE)))
quantile(b, c(0.025, 0.975))
```

eggs የተባለው 200 ቁጥር የያዘው ዝርዝር ነው። እዚህ የሚሠራው ትልቅ ስህተት 60ዎቹን ሴቶች ብቻ ማስገባት ነው። ያኔ ወሰኑ ከአማካዩ አንጻር በጣም ይጠብና ጥናቱ ከሚገባው በላይ የተረጋገጠ ይመስላል። የልዩነቱ ትልቁ ክፍል የሚመጣው አንድ እንቁላል ሴት ሆኖ ይወጣል ወይስ አይወጣም ከሚለው ነው፤ 140ዎቹ ዜሮዎች ካልገቡ ይህ ይጠፋል። ይህን ለመሥራት የእያንዳንዷ ሴት መዝገብ ለየብቻ መኖር አለበት። ፋይልዎ ላይ ያለው የክፍተት ድምር ብቻ ነው። ሴቶቹን ለየብቻ ስለያዟቸው የመጀመሪያው ማስታወሻ እጅዎ ላይ መኖር አለበት፤ ከዚያ መልሰው ያውጡት።

የሰጡት ሁኔታ ደግሞ ለነቀዙ ምቹ ነው። በአንድ ፍሬ ላይ አንድ እንቁላል ብቻ ስለነበር እጮቹ አልተሻሙም። ገበሬው ጆንያ ውስጥ ግን አንድ ፍሬ ላይ ብዙ እንቁላል ይለጠፋል፤ ሁሉም ነቀዝ ሆነው አይወጡም። ሴቶቹን ሲያስቆጥሩ የሰጧቸው ፍሬ ብዛትም ወሳኝ ነው። ባዶ ፍሬ ያጣች ሴት እንቁላሏን ትይዛለች፤ mx ይወርዳል፤ ሳይታወቅ R0 አብሮ ይወርዳል። ስንት ፍሬ እንደሰጡ፣ የሙቀቱና የእርጥበቱ መጠን፣ የሽምብራው ዓይነት ከR0 አጠገብ መጻፍ አለባቸው። 12.7 የነዚህ ሁኔታዎች ቁጥር ነው። በምንጃር ጎተራ ውስጥ ነቀዙ በየወሩ 12.7 እጥፍ ይሆናል ብለው እንዳይጽፉ።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ኩርባውን ከ200 እንቁላል ጀምረው በሎጋሪዝም እንደገና ይሳሉት። R0 ብለው 12.7ን ከነወሰኑ ያስገቡ። 42.45ን አይጣሉት፤ «የአንዲት ጎልማሳ ሴት አማካይ የእንቁላል ብዛት» በሚል ለብቻው ረድፍ ላይ ያስቀምጡት። አማካሪዎ ዘንድ ሲሄዱ 2,547 ለ200 የሚለውን አንድ መስመር ይዘው ይሂዱ። ሰንጠረዡ ላይ ሌላ ነገር ቢያከራክርም እሷን ማንም አይከራከራትም።